በሳምንት ሦስት ብቻ፦ ብዙ ሥራ ስይዝ የቱን እንደማቆም

ባሕር ዳር ውስጥ የዲዛይንና የኅትመት ሥራ ነው የምሠራው። ቢሮዋ ትንሽ ናት፤ እኔና አንድ ረዳት ነን። ይህን ስጽፍ ዝርዝሬ ላይ 17 ሥራ አለ። የሆቴል ሜኑ፣ የጀልባ ጉብኝት ብሮሸር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የአንድ መምህር መጽሐፍ ሌይአውት፣ የሱቅ ታፔላ፣ ደግሞ ለራሴ የያዝኩት ስለ ዘጌ ቡና የፎቶ መጽሐፍ፣ ሌላም ሌላም። ከ17ቱ በዚህ ሳምንት የምነካው ሦስቱን ብቻ ነው። የቀረው ወይ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ወይ ቆሟል፣ ወይ ገና ወረፋ ላይ ነው።

ይህን ስናገር ብዙ ሰው «ደንበኛው እንዴት ይታገሥሻል?» ይለኛል። ደንበኛ የሚናደደው ሥራው ስለቆየ ብቻ አይደለም። የት እንደደረሰ የሚነግረው ሲያጣ ነው የሚናደደው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ማቆም ነው፤ ሥራን እንዴት አቁሜ እንዴት መልሼ እንደማነሳው። ዝርዝሩና የሳምንቱ ገደብ ግን መጀመሪያ መምጣት አለባቸው፤ ያለ እነሱ ምን እንደሚቆም አይታወቅም።

ዝርዝሩ ያለው ደብተር ላይ ነው። ኤክሴል ላይም ሞክሬዋለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን መብራት ሲጠፋና ላፕቶፑ ሲዘጋ ዝርዝሩም አብሮ ይዘጋል፤ ደብተር ግን ባጃጅ ውስጥም ይከፈታል። ቴሌግራም ላይ ለራሴ የምልከው መልእክት አለ፣ እሱ ግን መቀበያ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከዚያ ወደ ደብተሩ ይገለበጣል። ሥራ ሁለት ቦታ ከተመዘገበ ሁለቱንም ማመን ይቀራል፣ ከዚያ ጭንቅላቴ ሦስተኛ ዝርዝር መያዝ ይጀምራል። ድካሙ ያለው እዚያ ነው።

እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር አለው። የሥራው ስም፣ የሚጠብቀው ሰው፣ ቀጣዩ እርምጃ፣ ያለበት ሁኔታና መጨረሻ የተነካበት ቀን። ከእነዚህ ውስጥ ከባዱ ቀጣዩን እርምጃ መጻፍ ነው። «ሜኑውን መጨረስ» እርምጃ አይደለም፤ ምኞት ነው። «የዓሣ ምግቦችን አዲስ ዋጋ ከሼፉ መቀበል» ግን እርምጃ ነው፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ይታያል፣ በአንድ ቁጭታም ያልቃል። እንዲህ መጻፍ ያቃተኝ ሥራ ሁሌም ያልተወሰነ ነገር አለበት። ወይ ደንበኛው ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፣ ወይ እኔ አልጠየቅኩም። ያኔ ቀጣዩ እርምጃ «መጠየቅ» ይሆናል፤ እሱም ይጻፋል።

ሁኔታው ከአምስት አንዱ ነው፦ ወረፋ፣ በእጅ፣ በመጠበቅ፣ የቆመ፣ የተዘጋ። ከዚህ በላይ አላበዛም። ቀለም በቀለም የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፣ ደስ ካላቸው ይቀቡት።

አሁን ወደ ገደቡ። ሦስት የሚለው ቁጥር ከሰማይ አልወረደም፤ ሒሳቡን ሠርቼ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስልኩ፣ ገቢ ወጪው ሰው፣ ወደ ማተሚያ ቤት መመላለሱና የመብራቱ ነገር ሲቀነስ፣ ልቤን ሰብስቤ የምሠራው በቀን አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ትጨመር። 22 ሰዓት ሆነ። ከዚህ ላይ አራቱን ለጥቃቅን ሥራ እተዋለሁ፤ ቢዝነስ ካርድ፣ ባነር፣ «ስልክ ቁጥሩን ብቻ ቀይሪልኝ» የሚባሉት። 18 ሰዓት ቀረ። አንድ ትልቅ ሥራ በሳምንቱ መጨረሻ «ሄዷል» እንዲባል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ ፋይሉን ከፍቶ የት እንደነበሩ ሲያስታውሱ ጊዜው ያልቃል። 18 ለስድስት ሲካፈል ሦስት ነው። የእናንተ ሰዓት ሌላ ከሆነ ቁጥራችሁም ሌላ ይሆናል። ልጅ እያሳደገች በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የምታገኝ ጓደኛ አለችኝ፤ የእሷ ገደብ አንድ ነው፣ አንዱንም በደንብ ትጨርሰዋለች።

ከገደቡ ጀርባ ያለው ሒሳብ በ1961 በፈረንጆቹ ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ያረጋገጠው ሕግ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሥራ ከተጀመረ በኋላ እስኪያልቅ በአማካይ የሚቆየው ጊዜ፣ የተከፈቱት ሥራዎች ቁጥር በሳምንት ለሚያልቁት ቁጥር ሲካፈል ነው። 12 ሥራ ከፍቼ በሳምንት ሁለት ከጨረስኩ፣ እያንዳንዱ በአማካይ ስድስት ሳምንት ይቆያል። የምጨርሰው ሁለት ሆኖ ስድስት ብቻ ከከፈትኩ ሦስት ሳምንት ይሆናል። እኔ አልፈጠንኩም፤ ግማሹን ከበር ውጭ አቆየሁት እንጂ።

እዚህ ላይ ራስን ማታለል ቀላል ነው። ከበር ውጭ ያለው ደንበኛም እየጠበቀ ነው። ካዘዘበት ቀን ከተቆጠረ የእሱ ጥበቃ አላጠረም። ትርፉ ሌላ ነው። ያልተጀመረ ሥራ አይበላሽም። ተጀምሮ የተንጠለጠለ ሥራ ግን ይበላሻል፤ የወረቀት ዋጋ ይቀየራል፣ የደንበኛው ሐሳብ ይቀየራል፣ እኔም ያንን ቀለም ለምን እንደመረጥኩት እረሳለሁ። ወረፋ ላይ ላለ ሰው ደግሞ እውነተኛ ቀን መንገር ይቻላል። «ከየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ እጀምርልዎታለሁ» ሲባል ሰው ይቀበላል፤ ካልፈለገ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ እሱም መብቱ ነው።

ሦስቱን የምመርጠው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ስልኩ መጮህ ሳይጀምር ነው። መጀመሪያ ቀን የተቆረጠለትን አያለሁ። ቀጥሎ ለማለቅ የቀረበውን፤ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ የቀረው ሥራ ከአዲስ ይቀድማል። ሦስቱ ተመርጠው ደብተሩ ላይ ከተከበቡ በኋላ በሳምንቱ መሐል አስቸኳይ የሚመጣው ነገር አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። የሚወጣው ግን ዝም ብሎ አይወጣም፣ በሥርዓት ይቆማል። የማቆሚያው ሥርዓት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፣ ደስ አይልም፣ እናም ያ ሩብ ሰዓት ራሱ ጥሩ ወንፊት ነው። «ዛሬውኑ» ከተባለው ውስጥ ብዙው ሩብ ሰዓት ሊከፈልበት ሲል ሰኞ ይደርሳል።

ሥራ የማቆመው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተጠይቆ፣ በሁለቱ መሐል አንድ ሳምንት አልፎ፣ ምንም ካልመለሰ። ሁለተኛ፣ ሥራው ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ከሦስቱ ውስጥ ተመርጦ ቀጣዩ እርምጃ ካልተነቃነቀ፤ ይህ ማለት የሆነ ነገር ይዞታል፣ ቦታ እየያዘ ከሚቀመጥ ወጥቶ ይታይ። ሦስተኛ፣ ቀኑ የማይገፋ ሥራ ሲመጣ።

ሦስተኛው እኛ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚታወቅ ነገር ነው። ጥር ላይ ሠርግ ይጎርፋል፣ የጥሪ ካርድ ደግሞ ከሠርጉ በኋላ አይታተምም። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ቀጥ ይላል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል። ሰኔ አካባቢ የምረቃ መጽሔት አለ። ነሐሴ ላይ የአዲስ ዓመት ካላንደርና ፖስት ካርድ። ይህን ሁሉ ደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ በወር ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ኅዳር ላይ አዲስ ሥራ ስቀበል ጥር ላይ ሊቆም እንደሚችል ከወዲሁ አውቃለሁ፣ ደንበኛውም ያውቃል።

አንድ ሥራ እንዴት እንደቆመና እንደተነሳ ልንገራችሁ። ጣና ላይ ሰው የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች ተሰባስበው ብሮሸር አዘዙኝ። ኤ4 ወረቀት ለሦስት ተጣጥፎ ስድስት ገጽ የሚሆነው ዓይነት፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ናርጋ ሥላሴ፤ ገዳማቱ ከነካርታቸው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ግማሹ አልቋል፣ ፎቶ የጎደላቸው ገጾች አሉ፣ ዋጋ ይጻፍ አይጻፍ ባለጀልባዎቹ ገና አልተስማሙም። የሠርግ ካርዱ ደግሞ መምጣት ጀምሯል።

ያኔ የጻፍኩት ማስታወሻ ይህ ነው፤ ደብተሩ ላይ እንዳለ ልገልብጠው።

የጀልባ ብሮሸር። ታኅሣሥ 28 ቆመ።
የደረሰበት፦ ሽፋኑና ካርታው አልቋል። የውስጡ ጽሑፍ ገብቷል፣ ፎቶ የለም።
ቀጣዩ፦ የናርጋን ፎቶ ከጋሼ ተቀብሎ 4ኛው ገጽ ላይ ማስገባት።
የተወሰነ፦ ክብራንና ዳጋ ሴት እንደማይገባ ከስማቸው ሥር ይጻፍ፣ ከታች በደቃቃ ፊደል አይሁን። ምክንያት፦ እንግዶች ጀልባ ላይ ከወጡ በኋላ እየሰሙ ከባለጀልባው ጋር ይጨቃጨቃሉ።
ያልተወሰነ፦ ዋጋ። እነሱ ይንገሩኝ።
ፋይል፦ brochure_v07፣ ፎልደሩ ውስጥ።
የሚነሳው፦ ሁዳዴ የሚገባበት ሰኞ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ምክንያት» የሚለው ቃል ያለበት መስመር ነው። የት እንደደረስኩ ፋይሉን ስከፍት ራሱ ያሳየኛል። ለምን እንደዚያ እንደወሰንኩ ግን ፋይሉ አይናገርም። ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ ከወር በኋላ «ይሄ መስመር እዚህ ምን ይሠራል? ገጹን አጨናነቀው» ብዬ ወደ ታች አወርደው ነበር፣ ባለጀልባዎቹም መልሰው ያስነሱት ነበር። ያው ክርክር ሁለቴ።

ቀጥሎ ፋይሉን ማሸግ ነው። ኢንዲዛይን ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር የሚሰበስብ ትእዛዝ አለን፤ ፎንቱን፣ ፎቶዎቹን፣ ፋይሉን አንድ ላይ ያወጣል። አማርኛ ለሚሠራ ሰው ግዴታ ነው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተሠሩ ፎንቶች ግን ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ፣ ለርዕስ ያምራሉ ተብለው ይፈለጋሉ። እነሱ የላቲኑን ፊደል ቦታ ነው የሚጠቀሙት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፋይሉ ሲከፈት ርዕሱ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርግፍ ይሆናል። ስለዚህ ከፎልደሩ ጋር ፒዲኤፍ አብሮ ይቀመጣል፤ ምንም ቢጠፋ ምን ይመስል እንደነበር በዓይን ይታያል። ፎልደሩ ወደ ሃርድ ዲስክም ይገለበጣል።

ሦስተኛው ነገር መናገር ነው። ከባለጀልባዎቹ ትልቁን ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ብሮሸሩ ለጊዜው ይቆማል። ጥርን ለሠርግ ካርድ ነው የምሠራው። ሁዳዴ ሲገባ ሰኞ አነሳዋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የናርጋ ፎቶና ዋጋ ላይ መስማማት።»

«አይ ልጄ፣ ጥር ላይ እንግዳ ይመጣል እኮ፣ በዚያው ቢደርስልን።»

«የሽፋኑንና የካርታውን ገጽ አሁን በአንድ ወረቀት አትሜ ልስጣችሁ። እሱን ያድሉ። ሙሉው በሁዳዴ።»

«እንግዲያስ እሱን ስጪን።»

የቆመ ሥራ ውስጥ ያለቀ ቁራጭ ካለ ሰውየው ይጠቀምበት፣ ይስጡት። ለጥምቀት ካርታው ደርሶላቸዋል።

ሁዳዴ ገባ፣ ሰኞ ሆነ፣ ብሮሸሩ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ተከበበ። ፎቶው በቴሌግራም መጥቷል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ለኅትመት አይሆንም፤ እንደ ፋይል እንዲልኩት ጠየቅኩ። በመጨረሻ ደግሞ ዋጋውን ላለመጻፍ ተስማምተዋል፤ ነዳጅ በተለወጠ ቁጥር ብሮሸሩ እንዳያረጅ ስልክ ቁጥር ብቻ ይሁን አሉ። ማስታወሻውን አንብቤ፣ ፎልደሩን ከፍቼ፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራ ላይ ነበርኩ። በዚያው ሳምንት ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ።

ይህ አሠራር የሚፈስበት ቀዳዳም አለ። ትልቁ «በመጠበቅ» የሚለው ነው። በእጅ ያለው ሦስት ብቻ ሲሆን ሰው ሁሉንም ወደ መጠበቅ መግፋት ያምረዋል፤ «ደንበኛውን እየጠበቅኩ ነው» ብሎ መተው ይቀላል። ለዚህ ነው መጠበቅ ላይ ካሉት እያንዳንዳቸው ማን፣ ምን፣ መቼ እንደተጠየቀ አጠገቡ የሚጻፈው። ቀን የሌለው መጠበቅ መጠበቅ አይደለም። ሁለት ማስታወሻ ከሄደና ካልተመለሰ ደግሞ ወደ ቆመ ይሻገራል። መጠበቅ ላይ ከአምስት በላይ ሥራ ሲከማች ማክሰኞ ጠዋት ለስልክ ብቻ ትሆናለች፣ ዲዛይን የለም።

ሌላው የቆሙት ዝርዝር መብዛቱ ነው። እያንዳንዱ የቆመ ሥራ የሚነሳበት ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ወይ ቀን፣ ወይ የሚታይ ክስተት። «ሲመቸኝ» አይሆንም። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የቆሙትን ብቻ አነባለሁ። ቀኑ ያለፈበት ካለ ወይ ይነሳል፣ ወይ አንድ ጊዜ ብቻ ቀኑ ይገፋል። ሁለተኛ መግፋት የለም፤ ይዘጋል። ሲዘጋ ለደንበኛው ይነገራል፣ ያለቀው ፋይል ይሰጠዋል፣ ሒሳብ ይተሳሰባል።

የሒሳቡ ነገር ቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጭቅጭቅ ነው። እኔ ሥራ ስቀበል ቀብድ ግማሹን እወስዳለሁ፣ የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ደግሞ ሁለት መስመር አለች። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ የሚጸናው ለ15 ቀን ነው፣ የእኔ የዲዛይን ዋጋ ግን አይለወጥም። በደንበኛው ዝምታ የቆመ ሥራ ሲነሳ የኅትመቱ ዋጋ በዚያን ቀን ይሰላል፤ እኔ በራሴ ምክንያት ያቆምኩት ከሆነ ግን ልዩነቱን እኔ እችላለሁ። ይህች ሁለተኛዋ ለእኔም ልጓም ናት። ሥራ ከማቆሜ በፊት ወረቀቱ ቢጨምር ምን ያህል እንደሚያስወጣኝ አስባለሁ፣ ብዙ ገጽ ያለው ከሆነ ወረቀቱን በቀብዱ ቀድሜ እገዛለሁ።

አንድ የከበደኝ የራሴ መጽሐፍ ነው። የዘጌ ቡና። የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ ከሦስቱ ውስጥ ለመግባት ሁሌም ይሸነፋል። ለእሱ የሚነሳበት ቀን አላደረግኩለትም፤ «ቡናው ሲቀላ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ዛፉ ላይ ያለ ቀይ ቡና ፎቶ የሚነሳው በለቀማ ወቅት ነው፣ ካመለጠ ዓመት ነው። ዘጌ ያለ አንድ ወዳጄ ደውሎ «ቀልቷል» ሲለኝ፣ በዚያ ሳምንት ከሦስቱ አንዱ እሱ ይሆናል፣ የሚወጣውም ሥራ ማስታወሻው ተጽፎለት፣ ፋይሉ ታሽጎ፣ ባለቤቱ ተነግሮት ይወጣል። ሁለት ሳምንት ብቻ ይሰጠዋል። ፎቶው ከተነሳ በኋላ ጽሑፉ ክረምት ላይ፣ በምረቃ መጽሔቱና በካላንደሩ መሐል ባለችው ጊዜ ይሠራል። ዘንድሮ ሁለተኛው ክረምት ነው፣ ሕጉ ደግሞ ሁለተኛ መግፋት አይፈቅድም። ስለዚህ ሐምሌ ላይ አዲስ ትልቅ ሥራ አልቀበልም ብዬ ለረዳቴም ነግሬያለሁ፣ ደብተሩ ላይም ጽፌያለሁ።